የግብር ሰራተኛው በቃል የተስማማውን በደብዳቤ ማስፈር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ላይ የግብር ዕዳችሁን ከፋፍላችሁ ለመክፈል ከሰራተኛ ጋር በቃል ተስማምታችሁ፣ እጃችሁ ላይ ምንም ወረቀት ሳይኖር ለወጣችሁ።

ሰራተኛው «እሺ፣ ከፋፍላችሁ ክፈሉ» ካለኝ በቃ አይደለም እንዴ? ደብዳቤው ለምን ያስፈልጋል?

አይበቃም። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የክፍያ ጊዜ እንዲራዘም ወይም ዕዳው በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲከፈል የሚፈልግ ሰው በጽሑፍ ማመልከት አለበት ይላል። ውሳኔውም የሚነገረው በጽሑፍ ነው። ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው ቅን ሊሆን ይችላል፣ የነገራችሁም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የሚወስነው መስሪያ ቤቱ እንጂ እሱ አይደለም።

ችግሩ የሚታየው ከወር በኋላ ነው። የዕዳ ክትትሉ ሌላ ሰው እጅ ይገባል፣ አዲሱ ሰራተኛ ፋይሉን ይከፍታል፣ የሚያገኘው የግብር ውሳኔውንና ያልተከፈለውን ብር ብቻ ነው። ስለ ስምምነቱ አንድ መስመር የለም። ከዚያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል፣ ወይም ባንክ ሄዳችሁ ሂሳባችሁ ታግዶ ታገኙታላችሁ። «እንትና ነግሮኝ ነበር» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም፤ ቢሰማችሁም ምን ያድርግላችሁ? እንትና ሰበታ ተዛውሯል።

እንግዲህ ደብዳቤው ሁለት ስራ ይሰራል። የተባለውን በቀኑ ይመዘግባል። የተባለውን ደግሞ በሕግ የሚፈለግ የጽሑፍ ማመልከቻ ያደርገዋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጽፎ ሁለተኛውን ይረሳዋል። «በተስማማነው መሰረት እከፍላለሁ» ብሎ አስገብቶ ይወጣል። ምንም ስላልጠየቀ መልስ የሚሰጠውም የለም።

ለየትኛው መስሪያ ቤት ነው የምጽፈው? በምን ቋንቋ?

የመጣላችሁን የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ አውጡና ከላይ ያለውን አርማና ከታች ያለውን ማህተም እዩ። ደብዳቤው የሚሄደው እዚያ ነው። ጅማ ውስጥ በግል ስም የሚነግደው አብዛኛው ሰው ጉዳዩ ያለው በክልሉ ስር ባለው የከተማው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። የገቢዎች ሚኒስቴር ግብር ከፋይ የሆናችሁ ደግሞ የምትጽፉት ውሳኔውን ለሰጠው ቅርንጫፍ ነው። ሁለቱ የሚሰሩበት አዋጅ የተለያየ ነው፤ ክልሉ የራሱ አለው። ስለዚህ የከተማው ግብር ከፋይ ከሆናችሁ ደብዳቤው ላይ 983 ብላችሁ አንቀጽ አትጥቀሱ። ሳትጠቅሱም ደብዳቤው ይሰራል።

ቋንቋው በመስሪያ ቤቱ ነው የሚወሰነው። የፌዴራሉ በአማርኛ ነው። የከተማው የስራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአፋን ኦሮሞ ብታስገቡ ይሻላል። በአማርኛ ያስገባችሁት ደብዳቤ ገቢ ተደርጎም ቢሆን «ይተርጎም» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ቀኑ ይሄድባችኋል። እዚያው በር አካባቢ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች በሁለቱም ይጽፋሉ። ብቻ ሐሳቡን ራሳችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ ስጧቸው። ካልሆነ የለመዱትን «በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ» አስቀምጠው፣ ቀኑንና ብሩን ዘለውት ታገኙታላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ቁጥሮቹን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

ደብዳቤው ውስጥ በትክክል ምን ይጻፋል?

ምሳሌ እንያዝ። ሂርማታ መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው አለ። ኦዲት ተደርጎ 240,000 ብር ዕዳ መጣበት፤ የውሳኔ ማስታወቂያው ህዳር 3 ቀን 2018 ደረሰው። ህዳር 15 የዕዳ ክትትል ባለሙያው ጋር ሄዶ ተነጋገሩ። ባለሙያው «60,000 አሁን ክፈል፣ የቀረውን በየወሩ 30,000 በስድስት ወር ጨርስ፣ እየከፈልክ እስካለህ ሂሳብህን አናግድም» አለው። ሰውየው በማግስቱ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

ቀን፦ ህዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ፦ (የመስሪያ ቤቱ ስም) ኃላፊ፣ ጅማ
ጉዳዩ፦ በቃል የተነጋገርነውን የክፍያ ጊዜ በጽሑፍ ስለማረጋገጥና የጽሑፍ ውሳኔ ስለመጠየቅ

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ … ሲሆን፣ በቀን … በቁጥር … በተጻፈ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ 240,000 ብር እንድከፍል ተወስኗል። ማስታወቂያው የደረሰኝ ህዳር 3 ቀን 2018 ነው።

ህዳር 15 ቀን 2018 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ በመስሪያ ቤቱ ቀርቤ የዕዳ ክትትል ባለሙያ ከሆኑት ከአቶ … ጋር ተነጋግሬአለሁ። የተነጋገርነውም እንደሚከተለው ነው። 60,000 ብር እስከ ህዳር 20 እከፍላለሁ። ቀሪውን 180,000 ብር ከታህሳስ እስከ ግንቦት 2018 ባሉት ስድስት ወራት፣ ወር በገባ በ15ኛው ቀን 30,000 ብር እየከፈልኩ እጨርሳለሁ። በዚህ መሰረት እየከፈልኩ እስካለሁ ድረስ የባንክ ሂሳቤ እንደማይታገድ ተነግሮኛል።

በአንድ ጊዜ መክፈል ያልቻልኩት የሱቁ ገንዘብ በዕቃ ላይ ስላለ ነው፤ የሶስት ወር የባንክ እንቅስቃሴ አባሪ አድርጌአለሁ። ከላይ የተገለጸው የክፍያ ጊዜ እንዲፈቀድልኝና ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። ከንግግራችን በተለየ ሁኔታ የጻፍኩት ካለ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ፣ አድራሻ

አለቀ። አንድ ገጽ አይሞላም፣ መሙላትም የለበትም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አትጣሏት። መስሪያ ቤቱ የጻፋችሁት ስህተት ነው የሚል ከሆነ ያኔውኑ የሚናገርበትን በር ትከፍታለች። ሳይናገር ስድስት ወር ቆይቶ «እንዲህ አልተባለም» ቢል ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ምክንያቱን የሚያሳየው አባሪም ትርፍ አይደለም። አዋጁ ጊዜ የሚፈቀደው በቂ ምክንያት ሲኖር ነው ይላል። «ችግር ላይ ነኝ» ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም፤ የባንክ እንቅስቃሴ ወይም ያልተሰበሰበ ዱቤ የሚያሳይ ወረቀት ግን ይታያል።

የሰራተኛውን ስም ልጻፍ? እንዳይቀየመኝ እፈራለሁ።

ጻፉ፤ በማዕረጉና በስራ ክፍሉ። ስም የሌለው «አንድ ባለሙያ ነገረኝ» ማንም ሊያጣራው አይችልም። ስሙን ካላወቃችሁ የስራ ክፍሉን፣ የቢሮ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀምጡ፤ ያን ቀን እዚያ ወንበር ላይ ማን እንደነበረ መስሪያ ቤቱ ያውቃል።

ቅያሜ የሚመጣው ከአጻጻፉ ነው። «ቃል ገብተውልኛል» ወይም «ፈቅደውልኛል» ካላችሁ ሰውየውን ያልተሰጠውን ስልጣን ተጠቅሟል ብላችሁ በአለቃው ፊት ያቆማችሁት ያህል ነው። «ተነጋግረናል»፣ «ተገልጾልኛል» በሉ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ደብዳቤውን ከማስገባታችሁ በፊት ለሰራተኛው አሳዩት። «አቶ እንትና፣ ያልነውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ ትክክል ነው?» በሉት። ብዙ ጊዜ «15 ሳይሆን 10 በለው» ብሎ ያስተካክላችኋል። ፈገግ ብሎ «ኧረ ይሄማ መጻፍ የለበትም» ካለ ደግሞ ስምምነቱ ድሮም ጥንካሬ እንዳልነበረው ገና ብር ሳትከፍሉ አወቃችሁ ማለት ነው። «ሳትጽፍ በኛ በኩል እንጨርሰው፣ የሻይ አስብ» ካለ ከቢሮው ውጡና ደብዳቤውን ያለ እሱ አስገቡ።

መዝገብ ቤት ሳስገባ ምን ልያዝ? አንቀበልም ቢሉኝስ?

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለቱም ላይ በእጃችሁ ፈርሙ። አንዱ ይገባል። ሁለተኛው ላይ የገቢ ማህተም ያርፍበታል፣ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ ይጻፍበታል፣ የተቀበለው ሰው ይፈርምበታል። ለእናንተ ዋናው ወረቀት ይሄ የሚመለሰው ቅጂ ነው። ማህተሙ ብቻ ኖሮ ቁጥሩ ከሌለ «ቁጥሩን ይጻፉልኝ» በሉ፤ ከሳምንት በኋላ ደብዳቤው የት ደረሰ ስትሉ የሚፈለገው በቁጥሩ ነው። አባሪ ካለ ስንት ገጽ እንደሆነ ደብዳቤው ላይ ጻፉ፤ መንገድ ላይ ተነጥሎ ቢጠፋ ትከራከሩበታላችሁ።

ለሰራተኛው በእጁ ሰጥቶ መሄድ የተለመደ ስህተት ነው። መሳቢያው ውስጥ ይገባል፣ መሳቢያው ደግሞ ፋይል አይደለም። በቴሌግራም ፎቶ መላክም እንደዚያው። ለማስታወሻ አይከፋም፣ የመዝገብ ቤቱን ቁጥር ግን አይተካም።

መዝገብ ቤት «ኃላፊው ይምሩበት» ብሎ ወደ ላይ ቢልካችሁ ብዙ ቦታ እንዲህ ነው የሚሰራው፤ ኃላፊው ጥግ ላይ በእስክሪፕቶ መርተውበት ተመልሳችሁ ታስገባላችሁ። ያ ምሪት ያለበትን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጭራሽ አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሂዱና በአደራ ደብዳቤ ላኩት። ደረሰኙ የላካችሁበትን ቀን ያሳያል፤ ከቅጂው ጋር በስቴፕለር አያይዛችሁ አስቀምጡት።

ደብዳቤውን አስገብቼ መልስ ካልመጣ፣ ዝም ማለታቸው እንደ መስማማት ይቆጠራል?

አይቆጠርም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ማህተም ያረፈበት ቅጂ የሚያስረዳው እንዲህ ብላችሁ መጻፋችሁንና መስሪያ ቤቱ መቀበሉን ነው። መስሪያ ቤቱ ተስማምቷል አይልም። የተፈቀደ የክፍያ ጊዜ አለኝ ማለት የምትችሉት የፈቃዱ ደብዳቤ ወይም የተፈረመ የክፍያ ስምምነት እጃችሁ ሲገባ ነው።

ስለዚህ ከሳምንት በኋላ የገቢ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱና «ማን ጋር ተመራ?» በሉ። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ሁለተኛ ደብዳቤ፣ አጭር፦ «በገቢ ቁጥር … በቀን … ላቀረብኩት ማመልከቻ እስካሁን የጽሑፍ ውሳኔ አልደረሰኝም፤ በማመልከቻዬ በገለጽኩት መሰረት 60,000 ብር በቀን … ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ተያይዟል።» ይህቺ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ትበልጣለች ብል አላጋነንኩም። ጠይቆ የተቀመጠ ሰውና ጠይቆ እየከፈለ ያለ ሰው በኃላፊ ዓይን አንድ አይደሉም።

እንግዲያው ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ልክፈል ወይስ ልጠብቅ?

ክፈሉ። በደብዳቤው በጻፋችሁት ቀን፣ በጻፋችሁት መጠን። ዕዳው እንደሆነ የተወሰነ ነው፤ የተከፈለው ይቀነሳል፣ ወለዱም በቀሪው ላይ ይሆናል። ብር ሲጎድላችሁ 30,000ውን 20,000 አድርጋችሁ ዝም አትበሉ፤ ከቀኑ በፊት ጽፋችሁ አስታውቁ። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ አንዱን ክፍያ ብታሳልፉ የቀረው ዕዳ በሙሉ ወዲያውኑ ይጠየቃል፤ ሕጉ እንዲህ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያውኑ የምትችሉትን መጠን ብቻ ጻፉ። ሰራተኛውን ለማስደሰት 40,000 ከማለት 25,000 ብሎ መከራከር ይሻላል።

ስትከፍሉ ደግሞ የክፍያ ማዘዣው ላይ ያለውን አንብቡ። የግብር ዓይነቱና ዘመኑ ከውሳኔ ማስታወቂያው ጋር መግጠም አለበት። የ2016 የንግድ ትርፍ ግብር ዕዳ እያለባችሁ ክፍያው በሌላ ዘመን ወይም በሌላ የግብር ዓይነት ከተመዘገበ፣ ብሩ ገብቶም ዕዳው ቆሞ ይታያል። ይህ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ክሊራንስ ስትጠይቁ ነው፤ ያኔ ደግሞ ንግድ ፈቃድ ማደሻው ደርሶ ጥድፊያ ላይ ናችሁ።

ወለዱና መቀጫውም ይነሳልሃል ብሎኛል። እሱንም ልጨምር?

በአንድ ላይ አትጻፉት። የክፍያ ጊዜ መራዘም ወለዱን አያቆምም፤ ሕጉ በግልጽ ያስቀመጠው ነው፣ ስለዚህ «ከፋፍለህ ስትከፍል ወለድ የለም» ያላችሁ ሰው ተሳስቷል ወይም በደንብ አልተግባባችሁም። መቀጫ ማንሳት የራሱ መመሪያና የራሱ ማመልከቻ ያለው ጉዳይ ነው። የዕዳ ክትትል ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ አይወሰንም።

ሁለቱን አንድ ደብዳቤ ላይ ካደረጋችሁ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ቀላሉ ጥያቄ በከባዱ ይታነቃል። ኃላፊው መቀጫ የሚለውን ሲያይ ፋይሉን ለሕግ ክፍል ይመራዋል፣ የክፍያ ጊዜውም አብሮ እዚያ ይተኛል። ለመቀጫው ለብቻው ጻፉ፣ በዚያኛው ላይ «በቃል የተነገረኝ ስላለ ማመልከቻዬን አቅርቤአለሁ» ማለት ትችላላችሁ። የክፍያው ደብዳቤ ላይ ግን ስለ ክፍያው ብቻ።

በውሳኔው አልስማማም፣ ቅሬታ ላቀርብ አስቤ ነበር። ይሄን ደብዳቤ ካስገባሁ ዕዳውን አምኛለሁ ማለት ነው?

ዝም ብላችሁ ከጻፋችሁት እንደዚያ ሊነበብባችሁ ይችላል። «240,000 ብር ዕዳዬን ከፋፍዬ እከፍላለሁ» ያለ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት «ዕዳው የኔ አይደለም» ሲል ጥሩ አይመስልም። ስለዚህ ከምሳሌው ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ይህ ማመልከቻ በግብር ውሳኔው ላይ ቅሬታ የማቅረብ መብቴን የሚያስቀር አይደለም።» «ዕዳዬ» ብላችሁ የጻፋችሁት ካለም «በውሳኔው የተጠየቅኩት» ብላችሁ ቀይሩት።

ከቃላቱ የባሰው ግን ቀኑ ነው። በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ነው። የኛ የመለዋወጫ ነጋዴ ህዳር 3 ደርሶታል፤ ህዳር 24 ያበቃበታል። ከሰራተኛው ጋር የተነጋገረው ህዳር 15 ነው፣ ማለትም የቀረው 9 ቀን ብቻ ነበር። ንግግሩም ሆነ የክፍያ ደብዳቤው ይሄን ቆጠራ አያቆመውም። «ቅሬታውን ተወው፣ እኛ እናስተካክለዋለን» ተብለው የጠበቁ ሰዎች 21ኛው ቀን ካለፈ በኋላ «ጊዜው አልፎብሃል» ይባላሉ። በቂ ምክንያት ካለ ጊዜው እንዲራዘም ማመልከት ይቻላል፣ ግን የሚጨመረው ቢበዛ 10 ቀን ነው። ስለዚህ ቅሬታውን በራሱ ወረቀት፣ በራሱ የገቢ ቁጥር፣ በጊዜው አስገቡ። የከተማው ግብር ከፋይ የሆናችሁ ደግሞ የእናንተን ቀን ከውሳኔ ማስታወቂያው ላይ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ከታች በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

ሰራተኛው «እንደዚያ አላልኩም» ቢልስ? ወይም ሌላ ሰው መጥቶ ስምምነቱን አላውቅም ቢል?

ያለው ወረቀት ይወስናል። በማግስቱ የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ መዝገብ ቤት የተቀበለው፣ ለእርማት በር ከፍቶ ማንም ያላረመው ደብዳቤ አለ። ከሱ ጋር በየወሩ በተባለው ቀን የተከፈለ ደረሰኝ አለ። በሌላ በኩል ያለው የአንድ ሰው ትዝታ ነው። ይህ መስሪያ ቤቱን በግድ አያስርም፣ ከላይ እንዳልኩት የሚያስረው የጽሑፍ ፈቃዱ ነው። ግን አዲሱ ሰራተኛ ሂሳባችሁን ከማሳገዱ በፊት ኃላፊውን እንዲጠይቅ ያደርገዋል፤ ታግዶም ከሆነ እገዳው እንዲነሳ ስታመለክቱ የምታያይዙት ነገር አላችሁ።

ከአዲሱ ሰው ጋር ስትገናኙ ታሪኩን ከመጀመሪያው አትተርኩለት። የገቢ ቁጥሩን፣ የተመለሰውን ቅጂና ደረሰኞቹን በአንድ ክላሰር አድርጋችሁ ስጡት፣ ያንብብ። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ከነገራችሁ፣ ለምሳሌ «ስድስት ወር አይቻልም፣ በአራት ጨርሱ» ካለ፣ በዚያው ቀን ቁጭ በሉና ሁለተኛውን ንግግር እንደ መጀመሪያው ጻፉት፤ የድሮውን የገቢ ቁጥር ጠቅሳችሁ። ወረቀቶቹን ዕዳው ባለቀ ማግስት እንዳትጥሏቸው። መስሪያ ቤቱ ውሳኔውን እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተመልሶ ሊያሻሽል ይችላል፣ ማጭበርበር አለ ከተባለ ደግሞ የጊዜ ገደብም የለውም።